7 ሲደመር 5 ለምን 11 ሆነ?

ሁለት የሁለተኛ ክፍል ልጆች የአንድ ደቂቃ የቃል ሒሳብ ፈተና ተፈተኑ እንበል። ጥያቄው 20 ነው፤ ሁለቱም ያገኙት 10 ነው። አንደኛው ልጅ የነካው 10 ጥያቄ ብቻ ነው፤ የነካውን ሁሉ ልክ ሠርቶ፣ የቀረውን ሳያየው ሰዓቱ አለቀበት። ሁለተኛዋ ልጅ ደግሞ 17 ጥያቄ ሠርታ ሰባቱን ሳተች። መዝገቡ ላይ ሁለቱም «10 ከ20» ተብለው ይሰፍራሉ። ለልጁ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ልምምድ ሊሆን ይችላል። ለልጅቷ ግን እንዲሁ በደፈናው «ተለማመጂ» ማለት ሊጎዳት ይችላል፤ የምትለማመደው ስህተቱን ራሱን ይሆናልና።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በልጅቷ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ለማሳያ የተዘጋጀ ነው፤ በላዩ ያሉት ስህተቶች ግን መምህራን በየቀኑ የሚያዩዋቸው፣ አጥኚዎችም ለብዙ አሥርት ዓመታት የመረመሯቸው ዓይነቶች ናቸው።

በሰዓት የተገደበ የቃል ሒሳብ ፈተና በብዙ አገር የተለመደ ነው። ኢግማ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የመጀመሪያ ክፍሎች የሒሳብ ምዘና 20 ቀላል የመደመር ጥያቄዎችን በ60 ሰከንድ፣ 20 የመቀነስ ጥያቄዎችን ደግሞ በሌላ 60 ሰከንድ ያቀርባል። ልጁ መልሱን በቃሉ ይናገራል፤ መዛኙ አጠገቡ ተቀምጦ ይመዘግባል። በእንግሊዝ ደግሞ ከ2022 ወዲህ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች 25 የማባዛት ጥያቄዎችን በኮምፒውተር ይፈተናሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጣቸው ጊዜ 6 ሰከንድ ነው። እንዲህ ያሉ ፈተናዎች አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ አገር የት እንደደረሰ ለማወቅ ይረዳሉ። ስለ አንድ ልጅ ሲሆን ግን ከነጥቡ ይልቅ ብዙ የሚናገረው፣ ልጁ በባዶው ቦታ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው።

የልጅቷ ወረቀት ይኸውና፦

1) 3 + 2 = 5
2) 6 + 1 = 7
3) 4 + 4 = 8
4) 7 + 5 = 11
5) 9 − 2 = 8
6) 10 + 6 = 16
7) 8 + 5 = 12
8) 5 + 5 = 10
9) 13 − 4 = 10
10) 6 + 6 = 12
11) 9 − 9 = 0
12) 14 − 6 = 9
13) 20 + 7 = 27
14) 10 − 5 = 5
15) 6 + 9 = 14
16) 32 − 15 = 23
17) 8 + 8 = 16

ከ18 እስከ 20 ያሉት ባዶ ናቸው።

ቀይ እስክሪብቶ ከመነሣቱ በፊት አራሚው የራሱን የመልስ ወረቀት መሥራት አለበት። ትንሽ ነገር ቢመስልም፣ ማታ ድካም ላይ ሆኖ የልጁን መልስ እያየ የሚያርም ወላጅ የልጁን ቁጥር ተከትሎ ሊሳሳት ይችላል። ቀጥሎ አጻጻፉ ይታያል። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆች 3ን ወይም 7ን በመስታወት እንደሚታይ አዙረው መጻፋቸው የተለመደ ነው። 12 ለማለት ፈልጎ 21 የሚጽፍ ልጅም አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ልጁ የጻፈውን ራሱ እንዲያነበው ይጠየቃል። «አሥራ ሁለት» ብሎ ካነበበው ችግሩ ከአጻጻፉ እንጂ ከስሌቱ አይደለም፤ ለብቻው ይመዘገባል። ሌላው የሚረሳ ነገር የመስመር መዛነፍ ነው። ልጁ አንድ ጥያቄ ዘልሎ መልሱን በሌላ መስመር ላይ ከጻፈ፣ ከዚያ በታች ያሉት ሁሉ የተሳሳቱ ይመስላሉ። የተሳሳተው መልስ ከላይ ወይም ከታች ላለው ጥያቄ ልክ ሆኖ ከተገኘ የሆነው ይኸው ነው።

በልጅቷ ወረቀት ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። ቁጥሮቹ ይነበባሉ፤ መስመራቸውንም አልሳቱም። ስለዚህ ወደ ዋናው ሥራ መግባት ይቻላል፤ እሱም በእያንዳንዱ ስህተት አጠገብ የ«ኤክስ» ምልክት ብቻ ከማድረግ ይልቅ፣ መልሱ ከትክክለኛው በስንት እንደሚርቅና ወደ የትኛው ወገን እንዳዘነበለ መጻፍ ነው።

7 ሲደመር 5፣ 12 መሆን ሲገባው 11 ተብሏል፤ 1 ጎደለ። 8 ሲደመር 5፣ 13 መሆን ሲገባው 12 ነው፤ አሁንም 1 ጎደለ። 6 ሲደመር 9፣ 15 መሆን ሲገባው 14 ነው፤ እንደገና 1 ጎደለ። ወደ መቀነሱ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከ9 ላይ 2 ሲነሣ 7 መሆን የነበረበት 8 ሆኗል፤ 1 በዛ። ከ13 ላይ 4 ሲነሣ ከ9 ይልቅ 10፤ ከ14 ላይ 6 ሲነሣ ከ8 ይልቅ 9። ሦስቱም በ1 በዝተዋል። ከሰባቱ ስህተቶች ስድስቱ በአንድ ቁጥር ብቻ የራቁ ናቸው፤ በመደመር ሁልጊዜ ወደ ታች፣ በመቀነስ ሁልጊዜ ወደ ላይ።

ጉዳዩ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ተቻኩላ ወይም ሐሳቧ ተበትኖ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ወዲህም ወዲያም ይል ነበር፤ 7 ሲደመር 5 አንዴ 11 አንዴ 13 በሆነ። ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያደላ ስህተት ግን ደንብ አለው። ልጅቷ የምትከተለው ሥርዓት አለ፤ ሥርዓቱን በታማኝነት ትፈጽማለች፤ የተበላሸው ከሥርዓቱ አንዱ እርምጃ ነው።

የትኛው እርምጃ? መልሱን ለማግኘት በእሷ ቦታ ሆኖ በጣት መቁጠር ይበቃል። 7 ሲደመር 5ን ለመሥራት ከሰባት ተነሥቶ አምስት ጣት መቁጠር ያስፈልጋል። ልጅቷ የመጀመሪያውን ጣት ስታነሣ «ሰባት» ትላለች። ሁለተኛው ጣት «ስምንት»፣ ሦስተኛው «ዘጠኝ»፣ አራተኛው «አሥር»፣ አምስተኛው «አሥራ አንድ»። አምስት ጣት አለቀ፤ መልሱ 11። አምስት ጣት መቁጠሯ ልክ ነው፤ ቆጠራውም አልተዛነፈም። ያጠፋችው መነሻውን ቁጥር እንደ መጀመሪያ እርምጃ መቁጠሯ ነው። የመጀመሪያው ጣት «ስምንት» መባል ነበረበት።

በመቀነስም የምታደርገው ይህንኑ ነው። ከ13 ላይ 4 ለማንሣት «አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አንድ፣ አሥር» ብላ አራት ጣት ትቆጥራለች፤ መልሷም 10 ይሆናል። አንድ ጉድለት በመደመር መልሱን ያሳንሳል፣ በመቀነስ ያበዛል። ስድስቱን ስህተቶች ያስከተለው አንድ ነገር ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አራሚ «አገኘሁት» ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል። የቀረው ግማሽ ማስረጃ ግን ልክ በሆኑት መልሶች ውስጥ ነው። ይህ ግምት እውነት ከሆነ ልጅቷ አሥሩን ለምን አልሳተቻቸውም? እነሱም አንድ በአንድ መታየት አለባቸው። 4 ሲደመር 4፣ 5 ሲደመር 5፣ 6 ሲደመር 6 እና 8 ሲደመር 8 የአንድ ቁጥር እጥፍ ናቸው፤ እጥፎችን ልጆች ቀድመው በቃላቸው ይይዛሉ። ከ10 ላይ 5 ማንሣት የ5 ሲደመር 5 ግልባጭ ነው። በ10 ሲደመር 6 እና በ20 ሲደመር 7 መቁጠር አያስፈልግም፤ «አሥር» እና «ስድስት» ብሎ ማጣመር ይበቃል። ከ9 ላይ 9 ሲነሣ ምንም እንደማይቀር ማንም ልጅ ሳይቆጥር ያውቀዋል። 6 ሲደመር 1 ደግሞ «ከስድስት ቀጥሎ ማን አለ?» ከማለት አይለይም። 3 ሲደመር 2ም ከሚሸመደዱት ትናንሽ ድምሮች አንዱ ነው። ልክ የሆኑት አሥሩ መልሶች አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ አንዱም ቆጠራን አልጠየቀም። ልጅቷ በቆጠረችበት ሁሉ ስታለች፤ ባልቆጠረችበት ሁሉ አልሳተችም።

እስካሁን ያለው ግን ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ መፈተን አለበት። የተሻለው መንገድ ገና ልጅቷ ያላየቻቸውን ጥቂት ጥያቄዎች መርጦ፣ የምትሰጠውን የተሳሳተ መልስ አስቀድሞ በሌላ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ለምሳሌ 9 + 4፣ 8 + 3፣ 12 − 3 እና 11 − 5 ይቀርቡላታል። ግምቱ ልክ ከሆነ መልሶቿ 12፣ 10፣ 10 እና 7 ይሆናሉ። ከእነዚህ ሦስቱ ወይም አራቱ እንደተገመተው ከመጡ ጥርጣሬው ይቀንሳል። ሁለቱ ብቻ ከመጡ አራሚው ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት።

ይህ ሁለተኛ ሙከራ ያለ ሰዓት መደረግ ይኖርበታል። ልጅቷም እየሠራች ጮክ ብላ ብትናገር መልካም ነው፤ እናት «እስቲ የኔ ልጅ፣ እንዴት እንዳሰብሽው ንገሪኝ» ማለት ትችላለች። ጥያቄው ግን ልክ በሠራቻቸውም ላይ መቅረብ አለበት። ሲሳሳት ብቻ «እንዴት አሰብከው?» የሚባል ልጅ የጥያቄውን ትርጉም ቶሎ ይይዛል፤ ስህተት መሥራቱን ከጥያቄው ተረድቶ፣ ያሰበውን በመናገር ፈንታ ሌላ መልስ ይገምታል። ያን ጊዜ አራሚው የሚሰማው የልጁን ሐሳብ ሳይሆን የልጁን ፍርሃት ነው።

ሰዓቱም ቢሆን በራሱ የሚናገረው አለ። በ1972 ግሩን እና ፓርክማን የተባሉ ተመራማሪዎች የአንደኛ ክፍል ልጆች ትናንሽ ድምሮችን ለመመለስ የሚወስድባቸውን ጊዜ ለክተው ነበር። ጊዜው የሚረዝመው ከሁለቱ ቁጥሮች ትንሹ ሲያድግ እንደሆነ ተመለከቱ። ልጆቹ ከትልቁ ቁጥር ተነሥተው ትንሹን ያህል ይቆጥራሉ ማለት ነው። እጥፎች ግን ከዚህ ደንብ ውጪ ሆኑ፤ ቁጥሩ ቢያድግም ጊዜው ብዙም አልጨመረም፤ ልጆቹ አልቆጠሩምና። ይህ ግኝት ለቤት አራሚም ይጠቅማል። የልጅቷን 6 ሲደመር 9 ብንወስድ፣ ከ6 ተነሥታ ዘጠኝ ጣት ብትቆጥርም ከ9 ተነሥታ ስድስት ጣት ብትቆጥርም፣ በተበላሸው አቆጣጠሯ የምትደርሰው 14 ላይ ነው። መልሱ የትኛውን መንገድ እንደሄደች አይለይም። ጊዜው ግን ይለያል። በተለያየ ጊዜ 9 ሲደመር 2 እና 2 ሲደመር 9 ብትጠየቅና ሁለተኛው እጅግ ከዘገየባት፣ ከትልቁ ቁጥር መነሣትን ገና አላወቀችም ማለት ነው።

ፈተናው በሚካሄድበት ጊዜ የሚደረግ አንድ ቀላል ዘዴም አለ። ሠላሳኛው ሰከንድ ላይ ልጁ ከደረሰበት ጥያቄ ሥር መስመር እንዲያሰምር ይነገረዋል። የልጅቷ መስመር ያረፈው ከ11ኛው ጥያቄ ሥር ነው እንበል። ከመስመሩ በላይ ካሉት 11 ጥያቄዎች አራቱን ስታለች፤ ከመስመሩ በታች ከሠራቻቸው 6 ጥያቄዎች ሦስቱን። ስህተቱ ከመጀመሪያው አንሥቶ አለ፤ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ አልተከማቸም። «ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተቻኮለች» የሚለው ማብራሪያ እዚህ ቦታ የለውም።

ይህን መለየት ያስፈለገው የሰዓት ጫና በራሱ ልጅን ሊያሳስት ስለሚችል ነው። የሒሳብ ጭንቀትን ያጠኑት አሽክራፍት እና ከርክ በ2001 ባወጡት ሥራ፣ ስጋት ለስሌት የሚያስፈልገውን የአእምሮ ጊዜያዊ መያዣ እንደሚሻማ አሳይተዋል። ሰው እያሰላ መካከለኛ ቁጥሮችን በሐሳቡ ይዞ መቆየት አለበት፤ ስጋት ያንኑ ቦታ ይወስድበታል። ሁለቱን ለመለየት ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በሌላ ቀን ያለ ሰዓት ማቅረብ ይበቃል። ስህተቶቹ ከጠፉ ያሳሳተው ጫናው ነበር። እነዚያው ስህተቶች በዚያው ወገን ተመልሰው ከመጡ ግን ሰዓቱ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ የሚስተካከለው አሠራሯ ነው።

ከሰባቱ ስህተቶች አንዱ ገና አልተነካም። ከ32 ላይ 15 ሲነሣ 17 መሆን ሲገባው ልጅቷ 23 ብላለች። ይህ በ6 በልጧል፤ ከጣት ቆጠራው ጋር አይገናኝም። ምናልባት የሆነው እንዲህ ነው፦ በአንድ ቤት ያሉትን 2 እና 5 አየች፤ ከ2 ላይ 5 አይነሣም፤ ስለዚህ ገልብጣ ከ5 ላይ 2 አነሣችና 3 አለች። በአሥር ቤት ከ3 ላይ 1 ሲነሣ 2። መልሱ 23። ከአሥር ቤት መበደርን ያልተማረ ወይም ያልገባው ልጅ ትንሹን አኃዝ ሁልጊዜ ከትልቁ ላይ ያነሣል፤ ከመቀነስ ስህተቶች ሁሉ በጣም የታወቀው ይኸው ነው።

ምናልባት የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ስህተት ብቻውን ልማድ አይደለም። ከአንድ ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ሦስት ጊዜ ያህል ሳይታይ፣ ሊታይ ይችልባቸው ከነበሩት ጥያቄዎችም በአብዛኞቹ ላይ ሳይገኝ ስም ባይሰጠው ይመረጣል። ስለዚህ 32 − 15 ለብቻው ተይዞ ሌላ ቀን ይፈተሻል። ጥያቄ ሲመረጥ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አራሚው 58 − 23ን ቢጠይቅ ልጅቷ 35 ብላ ልክ ትመልሳለች፤ ከላይ ያሉት አኃዞች ሁለቱም ትልልቆቹ ስለሆኑ በተበላሸውም መንገድ ትክክለኛው መልስ ይገኛል። እንዲህ ያለ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢቀርብላት አሥር ጊዜ ልክ ትሠራለች፤ ጉድለቱም ተሸሽጎ ይኖራል። 41 − 18 ግን ያጋልጠዋል። ትክክለኛው መልስ 23 ሲሆን በልጅቷ መንገድ 37 ይመጣል። 53 − 27ም እንዲሁ ነው፤ 26 መሆን ሲገባው 34 ትላለች።

ጆን ሲሊ ብራውን እና ሪቻርድ በርተን የተባሉ አሜሪካውያን በ1978 ያሳተሙት ጥናት የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ከሺህ በላይ የሆኑ ተማሪዎችን የመቀነስ መልሶች መርምረው፣ ግድየለሽነት ይመስል የነበረው ብዙ ስህተት አንድ እርምጃው የተበላሸ ሥርዓትን በትክክል የመከተል ውጤት መሆኑን አሳዩ። ለዕጩ መምህራን ደግሞ የኮምፒውተር ጨዋታ አዘጋጁ። ኮምፒውተሩ አንድ የተበላሸ አሠራር ያለው ተማሪ ይሆናል፤ መምህራኑ ጥያቄ እየሰጡት፣ የተሳሳተ መልሱን እያዩ፣ ብልሽቱ የት እንዳለ ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ሁለት ሦስት መልስ አይተው ቶሎ ይደመድሙ ነበር፤ ጥያቄዎቻቸውም ግምታቸውን የሚያጸኑ እንጂ የሚፈትኑ አልነበሩም። ወረቀት በሚያርም ሰው ሁሉ ላይ የሚደርስ ፈተና ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የከርት ቫንሌን ሥራ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። የልጆች የተበላሸ አሠራር ሁልጊዜ ጸንቶ አይቆይም፤ ዛሬ የታየው ከቀናት በኋላ በሌላ ሊተካ ይችላል። መበደር ያልገባው ልጅ መንገዱ ሲዘጋበት በየጊዜው የተለያየ መውጫ ይፈጥራል፤ አንድ ቀን አኃዞቹን ይገለብጣል፣ ሌላ ቀን ዜሮ ይጽፋል። ስለዚህ ከአንድ ወረቀት ላይ የተገኘ ልማድ በሌላ ቀን ወረቀት መረጋገጥ አለበት። ከተለዋወጠ ደግሞ መታረም ያለበት ገልባጭነቱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው፣ የአሥር ቤትና የአንድ ቤት ግንኙነት ነው።

ማባዛት ላይ የስህተቱ መልክ ይለያል፤ የአነባበቡ ዘዴ ግን ያው ነው። 7 ሲባዛ በ8 ተጠይቆ 63 ወይም 48 የሚል ልጅ ሰንጠረዡን ያውቀዋል፤ 63 የ7 ሲባዛ በ9፣ 48 ደግሞ የ6 ሲባዛ በ8 መልስ ነው። ጎረቤቱን ጠርቷል ማለት ነው። 7 ሲባዛ በ8ን 55 ወይም 58 የሚል ልጅ ግን ሌላ ታሪክ አለው። እነዚህ ቁጥሮች እስከ አሥር ባለው የማባዛት ሰንጠረዥ ውስጥ የትም የሉም። ልጁ ሰባት ሰባት እያለ ሲደምር መንገድ ላይ ተሳስቷል እንጂ ከቃሉ አላመጣውም። 15 ካለ ደግሞ የማባዛት ምልክቱን ሳያይ ደምሯል። ለመጀመሪያው የሚቀላቀሉትን ሁለት ሦስት ጥንዶች አጠገብ ለአጠገብ ማለማመድ፣ ለሁለተኛው መደመሩን ማጠናከር፣ ለሦስተኛው ምልክቱን አስቀድሞ ማክበብ ይጠቅማል።

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች ወላጆች አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ሰው ሒሳብን በተማረበት ቋንቋ በፍጥነት ያሰላል። በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የተማረች ልጅ እቤት በአማርኛ በቃል ብትጠየቅ መዘግየቷ ከስሌቱ ሳይሆን ቁጥሩን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ከማዞሯ ሊመጣ ይችላል። በጀርመንኛና በዓረብኛ ደግሞ እንደ 24 ያለው ቁጥር ሲነገር አራቱ ከሃያው ይቀድማል። በእነዚህ ቋንቋዎች የምትማር ልጅ 24ን 42 አድርጋ ከጻፈች መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይኸው ነው። በጽሑፍ የቀረበ ጥያቄ ይህን ችግር አብዛኛውን ያስወግዳል።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ግምቱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚስተካከለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ሥራውም ሳንቲምና ኩባያ ይጠይቃል። 7 ሲደመር 5ን ለማሳየት ሰባት ሳንቲሞች ኩባያ ውስጥ ይገቡና አፉ በእጅ ይሸፈናል። አምስቱ ውጭ ይደረደራሉ። ልጅቷ ኩባያውን ነክታ «ሰባት» ትላለች፤ ከዚያ የመጀመሪያውን የውጭ ሳንቲም ስትነካ «ስምንት»። ሰባቱ ኩባያው ውስጥ ስላለቁ፣ ውጭ ያለው ሳንቲም «ሰባት» ሊባል አይችልም። ለመቀነስ 13 ሳንቲም ተይዞ አንዱ ሲወጣ «አሥራ ሁለት» ይባላል፤ የሚጠራው የቀረው ነው። ከሳንቲሙ ወደ ጣት ስትመለስም መነሻው ቁጥር በአፍ ብቻ ተጠርቶ፣ ጣት ሳይነሣበት ይታለፋል።

ቆጠራው ከተስተካከለ በኋላም ልጅቷ እየቆጠረች እንድትቀር መተው አይገባም። በወረቀቷ ላይ ያሉት ልክ መልሶች የሚሻለውን መንገድ ያሳያሉ፤ እጥፎችንና አሥርን ታውቃለች። 7 ሲደመር 5ን ከ5 ሲደመር 5 ላይ ማግኘት ትችላለች፤ 10 እና 2፣ 12። 6 ሲደመር 9ን ከ6 ሲደመር 10 ላይ አንድ በማንሣት፤ 15። 8 ሲደመር 5ን ደግሞ ከአምስቱ ሁለቱን ለስምንቱ ሰጥቶ አሥር በመሙላት፤ የቀሩት ሦስት ሲጨመሩ 13። በዚህ መንገድ ለምትሳሳታቸው ጥያቄዎች ሁሉ መነሻ የሚሆነው አስቀድማ የምታውቀው ነው።

በእነዚህ ቀናት የሰዓት ፈተና ቢቀር ይሻላል። አዲሱ መንገድ ገና ለስላሳ ሳለ ሰዓት ከተያዘባት ልጅቷ ፈጥና ወደምትሠራው ወደ ቀድሞው አቆጣጠር ትመለሳለች። በኋላ እንደገና ስትፈተንም ነጥቡን ብቻ ማየት ያሳስታል። 17 ጥያቄ ሠርታ 10 ልክ ታገኝ የነበረችው ልጅ አሁን 13 ብቻ ሠርታ 12ቱን ልክ ብታገኝ፣ የሠራችው ብዛት ቀንሶ ሳለ ስህተቷ ከሰባት ወደ አንድ ወርዷል። የቀረው አንድ ስህተትም ከትክክለኛው መልስ በስንት እንደራቀና ወደ የት እንዳዘነበለ ይጻፍበታል። በመደመር 1 የጎደለ ወይም በመቀነስ 1 የበዛ ከሆነ ሳንቲሙና ኩባያው ለጥቂት ቀን ይመለሳሉ። እንደ 41 − 18 ባለ ጥያቄ ላይ 37 ሆኖ ከመጣ ግን የመበደሩ ጉዳይ ተራው ደርሷል።